መጀመሪያ ደብተር፣ ኋላ ስልክ፦ ስለ ኤአይና የቤት ሥራ ለወላጆች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ሥራው ሁሉ ሰላም ነው?

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰኞ ገበያ የሚነግዱ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። "መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ ስልኩን እያየ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ይሄ ጥናት ነው ወይስ ኩረጃ?" ሰዓቱ አልቆ ስለነበር "ሁለቱንም ሊሆን ይችላል" ብዬ አለፍኩ። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል። የብዙዎቻችሁም ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጆቻችሁ በታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ ላይ ኤአይን መቼ መጠቀም እንደሚችሉ፣ መቼ እንደማይችሉ፣ እናንተስ ቤት ሆናችሁ ምን ማየት እንደምትችሉ በዚህ ደብዳቤ ልንገራችሁ። ማንበብ ለሚያስቸግረው ወላጅ ልጁ ያንብብለት። እንዲያውም ልጁ ጮክ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። ልጆቹ የሚጠቀሙት ቻትጂፒቲን፣ ጄሚናይን ወይም ቴሌግራም ላይ ያሉ ቦቶችን ነው። ጥያቄ ሲጻፍለት በሰከንዶች ውስጥ እንደ ተማረ ሰው አሳምሮ ይመልሳል። ጥያቄውን መጻፍም ግድ አይደለም። የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ ይበቃል።

ብዙ ሰው ይሄን ነገር እንደ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ያስበዋል። ጥያቄ ሲቀርብለት ሄዶ ትክክለኛውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ገጹን ገልጦ የሚያነብ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በመሠረቱ የሚሠራው ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል የሚለውን እየገመተ ነው። እኔ "ከአንድ ብርቱ" ብል እናንተ "ሁለት መድኃኒቱ" ብላችሁ ትጨርሱልኛላችሁ። ለዚህ መዝገብ አላገላበጣችሁም። ደጋግማችሁ ስለሰማችሁት ከአፋችሁ ወጣ እንጂ። ማሽኑም በግርድፉ እንዲህ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ስላለፈበት ደጋግሞ ያየውን ነገር በደንብ ይጨርሳል። ችግሩ ብዙ ያላየውንም ነገር በዚያው ድፍረት መጨረሱ ነው። ሰው የማያውቀውን ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል፣ ዓይኑ ይሸሻል። እሱ ግን ሲያውቅም ሳያውቅም አነጋገሩ አንድ ነው። አሁን አሁን አንዳንዶቹ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ይመልሳሉ። ያ ይረዳል። ያገኙትን የሚያቀናብሩት ግን ያው በዚህ መንገድ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ያነበበው ጥቂት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን መዝገበ ዕውቀት፣ ዊኪፔዲያን ብቻ ውሰዱ። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለ አምባሰል፣ ስለ ቦሩ ሜዳ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የምናውቀው ብዙው ነገር ያለው በመጻሕፍትና በሽማግሌዎች አፍ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ስለ እኛ ታሪክ በአማርኛ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው በውጭ ቋንቋ ያነበበውን ወደ አማርኛ እያመጣ ነው። በዚህ ጉዞ መሀል ነው ነገር የሚንሸራተተው። እንዴት እንደሚንሸራተት በአንድ የቤት ሥራ ላሳያችሁ።

ባለፈው ወር ስለ ውጫሌ ውል የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ለእኛ ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። መማሪያ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ ነው። ይሄን የቤት ሥራ ግን በአማርኛ እንዲጽፉት አዘዝኩ። ከእናንተ ጋር ቤት ውስጥ እንዲያወሩበት ፈልጌ ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ። ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ከዐድዋ ጦርነትስ ምን ያገናኘዋል? አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣልያንኛው ቅጂ ምን ልዩነት ነበረው?

አንድ ተማሪዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ መጣ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ዓረፍተ ነገሩ ይፈስሳል። በሁለተኛው መስመር ላይ ግን "ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1889 ዓ.ም. ተፈረመ" ይላል።

ቀኑ ልክ ነው። ወሩም ልክ ነው። ዓመቱ ነው የተሳሳተው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 1889 መሆኑ ነው። ማሽኑ የእኛን ቀንና ወር ወስዶ የፈረንጆቹን ዓመት ቀጠለበትና "ዓ.ም." የሚለውን ለጠፈበት። ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የእነሱ ሆነ። እንዲህ ያለ ስህተት ከሰው ጭንቅላት በቀላሉ አይወጣም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ዓመቱንም በእኛው ነው የሚያስታውሰው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ያው ተማሪ ሦስተኛው ገጽ ላይ "የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ" ብሎ ጽፏል። ይሄ ትክክል ነው። የዐድዋ ቀን በየቦታው ስለሚጻፍ ማሽኑ አልሳተውም። እንግዲህ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጓቸው። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ለዐድዋ ጦርነት መነሻ የሆነው ውል የተፈረመው ጦርነቱ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው! ልጁ ሁለቱንም ቀን በገዛ እጁ ጽፏቸዋል። አላያቸውም። እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ እጁን ከሚያወጡት አንዱ ነው። ያን ማታ ግን የጻፈው እጁ ብቻ ነበር።

ይሄን ዓይነቱን ስህተት እናንተም ልትይዙት ትችላላችሁ። የታሪክ መምህር መሆን አያስፈልግም። በፈረንጅ የተጻፈ ዓመት ስታገኙ፣ ነገሩ የሆነው ከጃንዋሪ እስከ የእኛ አዲስ ዓመት ባለው ጊዜ ከሆነ 8 ቀንሱ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ከሆነ 7 ቀንሱ። ሜይ 1889 ላይ 8 ሲቀነስ 1881 ይመጣል። የዐድዋው ማርች 1896 ላይ 8 ሲቀነስ 1888 ይመጣል። የልጃችሁ ደብተር ላይ ዓመት ስታዩ "ይሄ በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብላችሁ ጠይቁት። ይቺ አንዲት ጥያቄ ብዙ ነገር ታወጣለች።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። በአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። ከፈለጉ ነው፣ ካልፈለጉ ይተዉታል። የጣልያንኛው ቅጂ ግን በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነው። ይሄ ግዴታ ሆነ። ኢጣልያም በዚህ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። አፄ ምኒልክ ይሄን ሲሰሙ ተቃወሙ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፣ ኋላም ጦርነት መጣ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንዲት ግስ ላይ ነበር።

የተማሪዬ ወረቀት ላይ ይሄ ተገልብጧል። አማርኛው ያስገድዳል፣ ጣልያንኛው ምርጫ ይሰጣል ይላል። ልጁን ከክፍል በኋላ ጠራሁት። አልተቆጣሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት። "ንጉሡ በገዛ ቋንቋቸው ግዴታ ከገቡ፣ ታዲያ ኋላ ምን ብለው ተቃወሙ?" ዝም አለ። ወረቀቱን አየ። እንደገና አየ። ከዚያ "መምህር፣ ተገልብጧል ማለት ነው?" አለኝ። በራሱ አገኘው። ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀበት። ጭንቅላቱ ይችል ነበር ማለት ነው። ያን ማታ ሥራ የሰጠው አልነበረም።

ሕጎቼ ከዚህ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ሕግ የደብዳቤው ርዕስ ላይ ያለው ነው። መጀመሪያ ደብተር፣ ኋላ ስልክ። ተማሪው የቤት ሥራውን ሲጀምር ስልኩ ከአጠገቡ ይራቅ። ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ክፍል ውስጥ ከያዘው ማስታወሻ፣ ወይም ከእናንተና ከአያቶቹ በሰማው ረቂቁን በእጁ ይጻፍ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስርዝ ድልዝ ቢበዛበት ችግር የለም። ስህተት ቢኖርበትም ማርክ አልቀንስም። ራስጌው ላይ ቀኑን ይጻፍበትና አይጣለው። ከመጨረሻው ጽሑፍ ጋር አያይዞ ያስረክበኛል። ንጹሕ ነገር ማቅረብ ለምደን ስላደግን ብዙ ልጆች ረቂቅ ማሳየት ያፍራሉ። እባካችሁ እናንተም "ይሄን የተሰረዘ ወረቀት ለመምህር ትሰጣለህ?" እንዳትሏቸው። እኔ የምፈልገው የተሰረዘውን ነው። ልጁ የት ጋ እንዳሰበ የሚታየኝ እዚያ ላይ ነው።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ስልኩን ማንሳት ይችላል። ያልገባውን ነገር "በሌላ ምሳሌ አስረዳኝ" ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል። "ስለ ውጫሌ ውል አምስት ጥያቄ ጠይቀኝ፣ መልሱን ግን አትንገረኝ" ማለት ይፈቀዳል። እንዲያውም ይሄኛውን እወደዋለሁ፣ ለፈተና ጥሩ ልምምድ ነው። ረቂቁን አሳይቶ "ምን ጎደለኝ?" ማለትም ይቻላል። የጎደለውን ግን ራሱ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ፣ በራሱ ቃል ይጻፈው።

የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ማስተርጎምስ? ይሄን ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ተከራክረንበታል። ፈቅጄዋለሁ። ልጆቻችሁ እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው 9ኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ በአንዴ እንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አያለሁ። አንድ ገጽ እንዲገባቸው ቢያስተረጉሙ አልቃወምም። ግን መጽሐፉ አጠገባቸው ተገልጦ ይሁን። ስሞችንና ዓመተ ምሕረቶችን አንድ በአንድ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩ። የ1889 ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

የማይፈቀደውን በአጭሩ ልናገር። የጥያቄውን ፎቶ ልኮ መልስ መቀበል አይፈቀድም። "ጻፍልኝ" ማለት አይፈቀድም። የተጻፈለትን መልስ ቃላቱን ቀያይሮ መገልበጥም ያው ኩረጃ ነው። ማሽኑ የጠቀሰውን መጽሐፍ ተማሪው በዓይኑ ሳያይ ምንጭ ብሎ መጻፍም አይፈቀድም። ማሽኑ የሌለ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል። አርእስቱ እውነት ይመስላል፣ መጽሐፉ ግን በዓለም ላይ የለም።

ሁለተኛው ሕግ ማሳወቅ ነው። ኤአይ የተጠቀመ ተማሪ ከጽሑፉ ግርጌ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍ። ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘ፣ የቱን እንዳረመ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ረቂቄን ከጻፍኩ በኋላ ጥበቃ ሥር መሆን ማለት ምን እንደሆነ ቻትጂፒቲን ጠየቅኩ። ማብራሪያው ገባኝ። ውሉ በ1889 ዓ.ም. ተፈረመ ብሎኝ ነበር። ከመጽሐፉ ጋር ሳስተያየው የፈረንጅ ሆኖ አገኘሁትና በ1881 አስተካከልኩ።" እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ተማሪ ማርክ አይቀነስበትም። ስህተት ስላገኘ እጨምርለታለሁ። ያልተጠቀመ ተማሪ ደግሞ "አልተጠቀምኩም" ብሎ ይጻፍ። ሁለቱም ለእኔ እኩል ናቸው።

ሦስተኛው ሕግ መናገር ነው። የቤት ሥራው ከ10 ይታረማል። ረቂቁ 3፣ የተጻፈው 4፣ የቃል ማብራሪያው 3 ነው። የቃል ማብራሪያ ማለት ተማሪው ወረቀቱን ሳያይ ሦስት ደቂቃ ስለጻፈው ነገር ይነግረኛል፣ እኔም አንድ ሁለት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ስላለበት ሁሉንም በአንድ ቀን አልጨርስም። በየሳምንቱ የተወሰኑትን እጠራለሁ። ማን እንደሚጠራ አስቀድሜ አልናገርም። ዓይን አፋር ልጅ ያለው ወላጅ አይጨነቅ። አነጋገሩ እንዲያምር አልጠብቅም። የሚንተባተብ ልጅም ነገሩ ከገባው ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ስልክ አይገባም። ከአሁኑ ያለ ስልክ ማሰብ ያልለመደ ልጅ ያን ቀን ባዶውን እንዳይቆም እፈራለሁ።

"ለምን ይሄ ሁሉ? ኤአይ የጻፈውን የሚያውቅ ፕሮግራም አለ አይደል?" ያሉኝ አባት ነበሩ። አለ። እኔ ግን አልጠቀምበትም። ለምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም የራሴ ጥፋት አለበት።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ጽሑፍ እንዲህ ባለ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። "ይሄ በማሽን የተጻፈ ነው" አለኝ። በመቶኛ ጭምር። አመንኩት። ልጅቷን ጠርቼ ወቀስኳት። አለቀሰች። በማግስቱ እናቷ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ጽሑፉ ሦስት ጊዜ በእርሳስ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ እዚያ ውስጥ አለ። ሦስት ምሽት የሠራችው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታ አደረገችልኝ። ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

ኋላ ስለ ጉዳዩ አነበብኩ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 እንዲህ ያለ መለያ አውጥቶ ነበር። በማሽን ከተጻፈው ውስጥ ለይቶ የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ደግሞ ሰባት መለያዎችን ፈትሸው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸውን 91 የፈተና ጽሑፎች አስገቡባቸው። መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን በማሽን የተጻፈ ነው አሉ። ምክንያቱ ሲታሰብ ይገባል። መለያው የሚያየው ቃላቱ ምን ያህል ሊገመቱ እንደሚችሉ ነው። እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ የተማረ ልጅ የሚጽፈው ቀላልና የተለመደ ቃል ነው፣ ስለዚህ ይገመታል። ይሄ ማለት የእኛ ልጆች በንጹሕ ሥራቸው የመወንጀል ዕድላቸው ሰፊ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ረቂቅና ቃል ላይ ተማመንኩ። እናትየው ያን ቀን ይዘውልኝ የመጡት ደብተር ረቂቅ ነበር። ሕጉን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው ብል አልዋሸሁም።

ሕጉን የተላለፈ ተማሪ ምን ይሆናል? ረቂቅ የሌለው፣ ሲጠየቅም ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ዜሮ አላደርገውም። ወረቀቱን እመልስለታለሁ። በሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ በእጁ እንደገና ይሠራዋል፣ የሚታረመውም ከ7 ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ እናንተን እጠራለሁ። ስትመጡ ወረቀቱን ፊታችን አስቀምጠን ሦስታችን እንነጋገራለን። ልጁም የራሱን ይናገራል። ያለ ልጁ አንድም ነገር አልወስንም።

አሁን ስለ ስልክ። ልጃችሁ "መምህሩ ስማርት ስልክ ግዙ ብሏል" ካላችሁ አትመኑት። አላልኩም። የትኛውም የቤት ሥራዬ ያለ ስልክና ያለ ዳታ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ሙሉ ማርክም ያስገኛል። ክፍሌ ውስጥ ስልክ የሌላቸው ልጆች አሉ። ጥያቄ የማወጣው እነሱን እያሰብኩ ነው። ለዚህም ነው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጥያቄ ማሽኑ ሊመልሰው የማይችለው የማደርገው። "ከሰፈራችሁ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ይስማ ንጉሥ ምን እንደሰሙ ጠይቁ፣ የነገሯችሁን ጻፉ" እላለሁ። ይሄ ላይ አምባሰል አያት ያለው ልጅ ከቻትጂፒቲ ይበልጣል።

ስልክ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በኦፕንኤአይ ደንብ መሠረት ቻትጂፒቲን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መጠቀም አይችልም። ከ18 በታች ያለ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የእናንተ ነው ማለት ነው። እኔ ፈቅጃለሁ ማለት እናንተ ፈቅዳችኋል ማለት አይደለም። በእናንተ ቤት አይሆንም ካላችሁ አይሆንም፣ ልጁም ምንም አይጎድልበትም። የምትፈቅዱ ከሆነ ደግሞ የራሱን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ወይም የውጤት ካርድ ፎቶ፣ የጓደኞቹን የግል ነገር እዚያ ላይ እንዳያስገባ ንገሩት። በተለይ ባለቤታቸው የማይታወቅ የቴሌግራም ቦቶች ላይ። የላከው ነገር ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ለምትሉ፣ ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው። ቡና ሲፈላ ልጁን አስቀምጡት። ደብተሩን ዝጉትና "እስቲ ምን ጻፍክ ዛሬ?" በሉት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይበቃዋል። እናንተ መጻፍና ማንበብ ባትችሉም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ራሱ የሠራው ልጅ "እንዲህ ሆነና፣ ከዚያ እንዲህ አሉ" እያለ እንደ ወሬ ይነግራችኋል፣ መሀል ላይም "ቆይ ረሳሁት" ይላል። የገለበጠ ልጅ ግን ወይ በቃሉ የሸመደደውን ከባድ ከባድ ቃል ይደረድራል፣ ወይ "አይገባሽም እማ" ብሎ ይነሳል። "ለምን?" በሉት። ያቺ ቃል ትበቃለች። የውጫሌውን ልጅ ያስነቃችውም እንዲህ ያለች አንዲት ጥያቄ ናት።

የሚቀጥለው የቤት ሥራ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ቦሩ ሜዳ ደሴ አፍንጫ ሥር ስለሆነ ቤታችሁ ውስጥ የሚያወራው ሰው አይጠፋም። ዓርብ እሰጣለሁ፣ በሳምንቱ ዓርብ እቀበላለሁ። ረቂቁ እስከ ማክሰኞ መጻፍ አለበት። ማክሰኞ ማታ "ረቂቅህን አሳየኝ" በሉት። የተሰረዘ ነገር ካላያችሁበት ለምን እንዳልተሰረዘ ጠይቁት።

ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ሁለት መስመር ትቻለሁ። በአንደኛው ላይ ልጃችሁ ኤአይን በእነዚህ ሕጎች እንዲጠቀም ትፈቅዱ እንደሆነ "እፈቅዳለሁ" ወይም "አልፈቅድም" ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። ሁለተኛው ለጥያቄያችሁ ነው። መጻፍ የማይመቻችሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ታገኙኛላችሁ። ሰኞ ገበያ የምትውሉት ደግሞ ሐሙስ ካልተመቻችሁ በልጃችሁ በኩል ላኩብኝ፣ እኔ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የልጆቻችሁ የታሪክ መምህር
ደሴ

ፈቃድ፦ ____________________  ፊርማ፦ ____________

ጥያቄዬ፦ ______________________________________